«አይመቸኝም» ከተባለ ስም ምን ይወጣል?

«ከእህቴና ከአክስታችን ጋር ባልትና ጀምረናል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎና በሶ እናዘጋጃለን። እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፤ እዚያ ላሉ ሰዎች ትሸጣለች። እኔና አክስቴ አዲስ አበባ ነን፤ ሁለት ሱፐርማርኬቶች ዕቃችንን ሊቀበሉ ተስማምተዋል። ስም ግን የለንም። አስር ስሞች አስቤ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩ፦ እማምዬ፣ መሶብ፣ ማጀት፣ ሰናይ፣ ጣዕም፣ አዋዜ፣ ምጥን፣ ገበታ፣ ወርቃማ፣ ሙዳይ። አስሩም ወደቁ። መልሳቸው ‹ያረጀ ነው›፣ ‹አይመቸኝም›፣ ‹የሆነ ነገር ይጎድለዋል› ብቻ ነው። አክስቴማ ማጀትን ስታይ ተቆጣች። አሁን ሌላ ሃያ ስም ላምጣ ወይስ የሚወዱትን ራሳቸው ይናገሩ? ስቲከር የሚያትምልን ሰው ስሙን እየጠበቀ ነው።»
ስም ፈላጊዋ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ሃያውን ስም አሁን አታምጪ። እነሱንም «የምትወዱትን ተናገሩ» አትበያቸው። ሰው ገና ያላየው ስም ምን ዓይነት እንዲሆን ስትጠይቂው የሚሰጥሽ መልስ ሁሌም ያው ነው፤ አጭር፣ ቆንጆ፣ የማይረሳ፣ ባህላዊ ግን ዘመናዊ። ይሄ ለሆቴልም ይሆናል፣ ለመዋዕለ ሕፃናትም ይሆናል። ዓይኑ ስር ያለውን ስም ሲጠላ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ የሚፈልገውን ባይነግርሽም የማይፈልገው ነገር በትክክል የት እንዳለ ያሳይሻል። አንቺ ዘንድ አስር የተጠሉ ስሞች አሉ። ገና ካልመጡት ሃያ ስሞች ይልቅ የሚጠቅሙሽ እነዚህ ናቸው።

ስም በመደርደር ብቻ የትም እንደማይደረስ የፎርድ ኩባንያ ታሪክ ያሳያል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአዲስ መኪናው ስም ሲፈልግ ገጣሚዋን ማሪያን ሙርን ሳይቀር ሐሳብ ጠይቋል፤ የማስታወቂያ ድርጅቱም በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች አመጣ። አለቆቹ ዝርዝሩን አዩ፣ አልጣማቸውም። መጨረሻ ላይ የመሥራቹ የሄንሪ ፎርድ ልጅ ስም፣ ኤድሰል፣ ተመረጠ። መኪናው በ1957 ወጥቶ በ1959 ምርቱ ቆመ። የከሰረው በስሙ ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ሌላ ችግር ነበረበት። ግን ያን ሁሉ ሺህ ስም አስሶ መጨረሻ ላይ ወደ ቤተሰብ ስም መመለስ ምን እንደሚመስል ለማየት ጥሩ ምሳሌ ነው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አክስትሽንና እህትሽን ለየብቻ እንድትጠይቂልኝ ሁለት ጥያቄ ልኬልሽ ነበር። ለየብቻ ያልኩት በምክንያት ነው። ግሩፕ ላይ መጀመሪያ የጻፈ ሰው የሌላውን ሐሳብ ይዞ ይሄዳል። እህትሽ «ያረጀ ነው» ብላ ስትጽፍ ከሷ በኋላ የመጣው «ያረጀ» ሁሉ የራሱ የሰውዬው ስሜት ይሁን ወይ ማስተጋባት መለየት አትችይም። በስልክ ወይም በቮይስ አንድ በአንድ ሲጠየቁ ግን የየራሳቸውን ይናገራሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን አልወደድሽውም?» የሚል አልነበረም። ለምን ተብሎ የተጠየቀ ሰው ምክንያት ይፈጥራል። የጠየቅነው «ስሙን ስትሰሚው ምን ታየሽ? ምን የሚሸጥበት፣ ማን የሚሸጠው፣ የት ያለ ነገር መሰለሽ?» ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ምኑ ቢቀየር ታሳልፊው ነበር?» የሚል ነው። የላክሽልኝን መልስ አነበብኩት፤ ብዙ ነገር አለው። በሱ ላይ አብረን እንሥራ።

ከማጀት እንጀምር፤ ከፍተኛውን ቁጣ ያስነሳው እሱ ነው። እህትሽ ወደደችው፣ «የሀገር ቤት ሽታ አለው» አለች። አክስትሽ ግን የታያት ሌላ ነው፦ «እናቴ ማጀት ውስጥ ነው ያለቀችው። እኔ የከፈትኩት ሥራ ነው።» እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳትና «አክስቴ የድሮ ቃል አትወድም» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ የሚቀጥለው ዙር ሁሉ በፈረንጅ ቃል ይሞላል፣ እሱም ይወድቃል፣ ማንም ለምን እንደሆነ አያውቅም።

ከመጻፍሽ በፊት ያንኑ ሰው ስለሚቀርበው ስም ምን እንዳለ እዪ። አክስትሽ ስለ ምጥን ስትጠየቅ «ይሄ እንኳን ሙያ አለው፤ ምጥን ሽሮ የምታውቅ ሴት ታውቂያለሽ አይደል?» ብላለች። ማጀትም ምጥንም ከአንድ ወጥ ቤት የወጡ ቃላት ናቸው፤ እኩል የድሮ ናቸው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንዱ ሴትየዋ የት እንደምትውል ይናገራል፤ ሌላው ምን እንደምትችል ይናገራል። አክስትሽን ያስቆጣት የቃሉ ማርጀት አይደለም፤ ቦታው ነው። በኔ እምነት ከመልሶቹ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ባናስቀምጣቸው ደግሞ አይታይም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፉኛ የወደቀ ስም ሊያልፍ ከነበረ፣ ከሚመሳሰለው ስም ጋር አጋጥሚው። ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ጥፋተኛ አይደለም። ጥፋቱ ያለው በሚለያዩበት ላይ ነው።

አሁን ይህን ይዘሽ ወደ ሌሎቹ ሂጂ። እማምዬ ላይ አክስትሽ «እኔን ይመስላል፣ ሥራችንን ግን አይመስልም» አለች። መሶብና ገበታ ላይ እህትሽ ለሁለቱም አንድ ቃል ተናገረች፤ «ምግብ ቤት»። ሙዳይ ላይ አክስትሽ «ደስ ይላል፣ ግን የጌጥ ማስቀመጫ ነው» አለች። እነዚህ አራት ስሞች ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ሳስብ ያገኘሁት ይህ ነው፦ አንዳቸውም እናንተ የምትሠሩትን ሥራ አይነኩም። አንዱ ዘመድ ነው፣ ሁለቱ የበሰለ ምግብ የሚቀርብባቸው ናቸው፣ አንዱ ማስቀመጫ ነው። የእናንተ ሥራ ያለው ከዚያ በፊት ነው። በርበሬው ሲቀነጠስ፣ ሲደለዝ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ እህሉ ሲለቀም፣ ሲታመስ፣ ሲነፋ። የመጀመሪያ መመዘኛሽ እንግዲህ ይህን ይመስላል፦ ስሙ ቦታን፣ ዘመድን፣ የምግብ ማቅረቢያን ወይም ማስቀመጫን አይጥራ።

በአሉታ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። «ስሙ ሙያን ይናገር» ብዬ ብጽፍ የበለጠ ያምር ነበር፤ ግን መልሶቹ ያን አልተናገሩም። ቦታና ዘመድ እንደማይሆን ተናግረዋል፣ ማስረጃው አለ። ሙያ እንደሚሆን የሚለው ግን የኔና ያንቺ ግምት ነው፣ ምልክቱም የአክስትሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ይህንን ልዩነት አጥብቀሽ ያዢው። በማስረጃ የቆመው መመዘኛ ይሆናል፣ ስም ይጥላል። ግምቱ ደግሞ አቅጣጫ ይሆናል፤ ስም የት እንደምትፈልጊ ይጠቁምሻል እንጂ ማንንም አይጥልም። እህትሽን የምትወጅውን የንግድ ስም ንገሪኝ ስትያት መጀመሪያ የጠራችው ቶሞካን ነው። ቶሞካ ከጣሊያንኛ ቃላት መነሻ የተሠራ ስም ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ስለ ቡና ምንም አይናገርም። «ሙያን ይናገር» የሚል መመዘኛ ብታወጪ ኖሮ እህትሽ በጣም የምትወደውን ዓይነት ስም ከበሩ ትመልሽው ነበር።

ሁለተኛው ነገር አዋዜ ነው። እሱ ላይ ሁለቱም ተስማምተዋል፤ «በርበሬ ብቻ ነው እንዴ የምንሸጠው?» ምጥንም ትንሽ ይህ ችግር አለበት፤ ሰው ምጥን ሲባል ሽሮ ነው የሚጠብቀው። መመዘኛው ቀላል ነው፣ ስሙ ሁሉንም ዕቃ ይሸከም። ግን እንዲህ ብቻ ጽፈሽ ካስቀመጥሽው ነገ «ይሸከማል»፣ «አይሸከምም» ብላችሁ ትከራከራላችሁ። ስለዚህ የመፈተኛ መንገዱን አብረሽ ጻፊ። ስሙን ከእያንዳንዱ ዕቃ ፊት አድርገሽ ጮክ ብለሽ ተናገሪው። አዋዜ በርበሬ፣ አዋዜ ቆሎ፣ አዋዜ በሶ። ጆሮሽ ወዲያው ይነግርሻል። ሰናይ ቆሎ፣ ሰናይ በሶ ብትይ ያልፋል። በሚቀጥለው ዓመት የምትጨምሩት ዕቃ ካለ እሱንም አስገቢው፤ ስም አንዴ ስቲከር ላይ ከወጣ መቀየር ውድ ነው።

በነገራችን ላይ ኮዳክን የፈጠረው ጆርጅ ኢስትማን ስሙን የመረጠበትን ምክንያት ሲያስረዳ ያስቀመጣቸው ነጥቦች ሦስት ብቻ ነበሩ። አጭር ነው፤ በስህተት ሊጠራ አይችልም፤ በሙያው ውስጥ ካለ ከሌላ ነገር ጋር አይመሳሰልም። ሦስቱም ስሙን ያልሰማ ሰው አጠገብሽ አስቀምጠሽ ልትፈትኛቸው የምትችያቸው ናቸው። «ማራኪ ይሁን» የሚል የለበትም። መመዘኛ ጽፈሽ ስትጨርሺ ራስሽን ጠይቂ፤ ይህን ስም ቤተሰባችንን ለማታውቅ ጎረቤት ብሰጣት በዚህ መመዘኛ ያልፋል ወይ አያልፍም ብላ ልትነግረኝ ትችላለች? ካልቻለች ገና መመዘኛ አይደለም።

«ያረጀ ነው» የሚለውን ደግሞ ተጠንቀቂ። ሦስት ስሞች ላይ ተብሏል፤ ሦስቱም ላይ ትርጉሙ ይለያያል። መሶብ ላይ ያረጀ ማለት ብዙ ሰው ይጠቀምበታል ማለት ነው። እማምዬ ላይ ሌሎች ባልትናዎችን ይመስላል ማለት ነው። ወርቃማ ላይ ግን ምን ታየሽ ስትባል እህትሽ «የድሮ የሬዲዮ ማስታወቂያ፤ ራሱን የሚያመሰግን» አለች። ጣዕም ላይ አክስትሽ «ምንም አይልም፤ ማነው የኔ አይጣፍጥም የሚል?» ብላለች። ወርቃማና ጣዕም ላይ የተነገረው አንድ ዓይነት ነው። ማንም ነጋዴ ስለ ራሱ ሊለው የሚችል ምስጋና ሰው ጆሮ ላይ አይቀርም። ሦስተኛው መመዘኛ ይሄ ይሁን፤ ስሙ ዕቃውን አያመስግን። መፈተኛው፦ ተቃራኒውን ቃል ስም አድርጎ የሚከፍት ሰው አለ? ከሌለ ምስጋና ነው።

ይህ መመዘኛ ሌላም ጥቅም አለው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ስታስመዘግቢ የዕቃውን ዓይነት ወይም ጥራት ብቻ የሚገልጽ ቃል አያልፍም፤ ምክንያቱም አንቺን ከሌላው አይለይም። ጣዕም የሚለው ቃል ብቻውን ለምግብ ዕቃ እዚህ ላይ ይቸገር ነበር።

አራተኛው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እህትሽ የምትሸጠው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። ፊደል ለሚያነቡ እናቶችና እዚያ ተወልደው አማርኛ ለሚሰሙ ግን ለማያነቡ ልጆቻቸው። ልጆቹ ናቸው ስልክ ላይ ፈልገው የሚያዙት። ጣዕምን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ ብላ ስትጠይቃቸው Taem፣ Taim፣ Tam ጻፉላት። ገበታ Gebeta ነው፣ ገበጣም Gebeta ነው። ምጥንን የጻፈላት ልጅ Mitten ብሎ ጓንት አደረገው። ስለዚህ ስሙን በድምፅ ልካ ሦስት ሰው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍላት፤ ከሁለት በላይ የተለያየ አጻጻፍ ከመጣ ወይም ሌላ ቃል ከሆነ ይውደቅ። «ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ያለበት ስም አይሁን» ብለሽ እንዳታሳጥሪው። ትክክል ይመስላል፤ በእርግጥም ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከነዚህ ፊደላት ነው። ነገር ግን ጥሩ ስሞችን ሳይፈተኑ ያስቀርብሻል፤ ጣዕምን ደግሞ የበታተነው ጠ ሳይሆን ዕ ነው።

እነዚህ አራቱ ይበቃሉ። አምስተኛና ስድስተኛ መጨመር ይፈትንሽ ይሆናል፤ ከመልሶቹ ውስጥ ግን መመዘኛ የማይሆኑ አሉና እነሱን ለይተሽ አውጪ። ሰናይ ላይ እህትሽ «ሰናይ የሚባል ጎረቤት ነበረን፤ አልወደውም ነበር» ብላለች። እውነቷን ነው፣ በየቀኑ የማትወደውን ሰው ስም እየጠራች መሸጥ የለባትም፤ ስለዚህ ሰናይ ይውደቅ። ለሚቀጥለው ዙር ግን የሚሻገር ትምህርት የለውም። ከዚያ ተነስተሽ «የሰው ስም አይሁን» ብትይ አንድ ጎረቤት ሙሉ መንገድ ዘጋብሽ ማለት ነው። አክስትሽ ሰናይን «ክሊኒክ መሰለኝ» ያለችው የተሻለ ፍንጭ ነው፤ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ስም ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተናገረው ነው። ጻፊውና አቆይው። በሁለተኛው ዙር ተመሳሳይ ነገር ከመጣ ያኔ መመዘኛ ይሆናል።

ገበታም እንዲሁ ነው። ገበታ ለሸገርና ገበታ ለሀገር ከመጡ ወዲህ ቃሉ ሲጠራ ሰው ጆሮ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው የመንግሥት ፕሮጀክት ነው። ይህ መመዘኛ ሳይሆን ማጣሪያ ነው፤ ስሙ አሁን በሌላ ትልቅ ነገር ተይዟል ማለት ብቻ ነው። ማጣሪያ ስም ከተወለደ በኋላ ይመጣል። ስም ስታስቢ ጭንቅላትሽ ውስጥ መኖር የለበትም፣ ያፍንሻል።

አሁን አራቱን መመዘኛዎች ይዘሽ ወደ ኋላ ተመለሽና በወደቁት አስር ስሞች ላይ አስኪጃቸው። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ይህን እንዳትዘልዪ ነው። ሁለት ነገር ትፈልጊያለሽ። አንደኛ፣ ሁሉም በትክክል ይወድቃሉ ወይ? በጎረቤቱ ምክንያት የተጣለውን ሰናይንም ጨምሮ፤ እሱ እንኳን ምስጋና ነውና በሦስተኛው ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ «ቀርቦ ነበር» ያሉት ስም በጥቂቱ፣ «ጨርሶ አይሆንም» ያሉት ደግሞ በብዙው ነው የሚወድቁት? ምጥን ዘመድም ቦታም ምስጋናም አይደለም፤ የወደቀው ዕቃ በመሸከምና በአጻጻፍ ነው። ሙዳይ በመጀመሪያው ብቻ ይወድቃል፤ አጻጻፉ Muday እና Mudai ብቻ ስለሆነ ያልፋል። አክስትሽ ደስ ይላል ያለችው እንግዲህ በአንድ መመዘኛ ብቻ የወደቀውን ነው። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ማጀት ግን ችግር አለው። ከአራቱ በአንዱ ብቻ ነው የሚወድቀው፤ የተጠላው ግን ከሁሉም በላይ ነው። ይህ የሚነግርሽ መመዘኛዎቹ እኩል እንዳልሆኑ ነው። የመጀመሪያው ለአክስትሽ ድርድር የለውም። ከላይ አስቀምጪውና ግዴታ በይው።

የትኛው ሌላ ግዴታ እንደሚሆን ሦስታችሁ መነጋገር አለባችሁ፤ መጋጨታቸው አይቀርምና። የወጥ ቤት ሙያ ቃላት በጠ፣ በቀና በጨ የተሞሉ ናቸው፤ ሙቀጫ፣ ምጣድ፣ ወቀጣ፣ ቅንጠሳ። አክስትሽን ደስ የሚያሰኘው ስም እህትሽን ያስቸግራል። ይህን ስሞቹ ከመጡ በኋላ ብትከራከሩበት እያንዳንዳችሁ የወደዳችሁትን ስም ለማዳን ነው የምትናገሩት። ስም ሳይኖር፣ መመዘኛው ብቻ ጠረጴዛ ላይ እያለ ተነጋገሩ። ገንዘቡ በብዛት የሚመጣው ከየት ነው? ከሁለቱ ሱፐርማርኬቶች ከሆነ ገዢው ስሙን በፊደል ጥቅሉ ላይ ያነበዋል፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ምርጫ እንጂ ግዴታ አይሆንም። ከአሜሪካ ከሆነ ግን እህትሽ ትክክል ናት። እናንተ የሒሳብ ደብተራችሁን ታውቁታላችሁ።

ከተስማማችሁ በኋላ አራቱን ግሩፑ ላይ ጻፊና ሦስታችሁም «እሺ» በሉ። ከዚያ በኋላ ስም የሚጥል ሰው በየትኛው እንደጣለው ይናገር። በአራቱም የሚያልፍ ስም አልወደድኩም ማለት ይቻላል፤ ግን ያኔ አዲስ መመዘኛ ማምጣት አለበት፤ ያ አዲስ መመዘኛም በቀሩት ስሞች ሁሉ ላይ ይሠራል።

ለሁለተኛው ዙር ስምንት ስም ይበቃል። ከሦስት አቅጣጫ ፈልጊ። አንዱ የባልትና ዕቃዎች፣ አንዱ የሥራው ድርጊቶች፣ አንዱ እንደ ቶሞካ ያለ ትርጉሙ ወዲያው የማይታይ አጭር ድምፅ። ሦስተኛውን ለእህትሽ ተይላት። ከሁለቱ እኔ ጥቂት ልሞክርልሽ።

ወንፊት ዕቃውን ሁሉ ይሸከማል፤ ሽሮውም በሶውም ይነፋል። ግን ወንፊት ሲባል የሚያፈስ ነገር የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ሙቀጫ የአክስትሽን ልብ ይሞላል፤ Mukecha፣ Muqecha፣ Mukacha እያለ ግን እህትሽን ያደክማል። ድልዝ ደስ የሚል ቃል ነው፤ ድልዝ ቆሎ ስትይ ግን ያበቃለታል። ሰፌድ ይሻላል። ሰፌድ በርበሬ፣ ሰፌድ ሽሮ፣ ሰፌድ ቆሎ፣ ሰፌድ በሶ፤ አንዱም አያደናቅፍም። የማበጠሪያ መሣሪያ ነው፣ የሥራው ነው። በእንግሊዝኛ ፊደልም Sefed ከማለት ውጭ ብዙ ምርጫ የለውም። ልቅም ደግሞ ለኔ ይጥመኛል። እህል የሚለቅም እጅ አለበት፤ ልቅም ያለ ሽሮ ብሎ ሰው ቀድሞም ይናገራል። ግን ወደ ምስጋና ይጠጋል፤ Likim፣ Lekim፣ Liqim የመሆን ዕድሉም ሰፊ ነው። እነዚህን እንደ ምርጫ አትውሰጃቸው፤ መመዘኛው ስም ላይ እንዴት እንደሚሠራ እንድታዪ ነው ያመጣኋቸው።

ስታቀርቢያቸው እንደ በፊቱ በተርታ አትለጥፊያቸው። በዝርዝር ውስጥ ያለ ስም ቃል ነው፣ ሰው የሚፈርደው እንደ ቃል ነው። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ቀለም፣ የግማሽ ኪሎ ሽሮ ጥቅል ላይ እንደተለጠፈ አድርገሽ አንድ በአንድ ላኪ። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር፤ «ሄሎ፣ ሰፌድ ባልትና ነው፣ ትዕዛዝዎ ደርሷል» ዓይነት። አክስትሽ ይህን ስልክ ላይ ስትናገረው ራሷን ትሰማ።

የሚመጣውን መልስም እንዴት እንደምታነቢው ልንገርሽ። ስሞቹ በአዲስ ምክንያት ከወደቁ መንገድ ላይ ነሽ፤ የድሮው ችግር ተፈቷል፣ አዲሱን ጨምሪና ቀጥዪ። በዚያው በድሮው ምክንያት ከወደቁ መመዘኛው በደንብ አልተጻፈም፤ ወይም አንቺ ስም ስታስቢ ረስተሽዋል። ስምንቱም ላይ «ደህና ነው» ብቻ ከተባለ ደግሞ መመዘኛው ጠብቋል፤ ማንንም የማያስከፋ ግን ማንም የማይፈልገው ስም እያመጣሽ ነው። ያኔ ግዴታ ያልሆነውን አንዱን አንሺና እንደገና ሞክሪ።

አንድ ሌላ ሁኔታ አለ። አንድ ሰው እያንዳንዱን ስም በተለያየ ምክንያት የሚጥል ከሆነ፣ ያስቀመጠው መመዘኛ ሲሟላለትም ሌላ የሚያመጣ ከሆነ፣ ነገሩ ስሙ ላይ አይደለም። በቤተሰብ ሥራ ይህ የተለመደ ነው። ድርሻው አልተነገረ ይሆናል፣ ወይም ፈቃዱ በማን ስም እንደሚወጣ አልተወሰነም። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ስም ማምጣቱን አቁሚና ስለዚያ በቀጥታ ተነጋገሩ።

ሁለት ወይም ሦስት ስም ሲቀርሽ፣ ከመውደዳችሁ በፊት፣ አስፈትሺ። የንግድ ስም ምዝገባና የንግድ ምልክት ምዝገባ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የንግድ ስሙ ከንግድ ምዝገባችሁ ጋር በንግድ ቢሮ በኩል ያልቃል። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈውን ስም ሌላ እንዳይወስድባችሁ የሚጠብቀው ግን የንግድ ምልክት ነው፤ እሱን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንዴ ከተመዘገበ 7 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይታደሳል። እዚህ መመዝገቡ አሜሪካ ውስጥ አይጠብቃችሁም፤ እህትሽ እዚያ ለብቻው መጠየቅ ይኖርባታል። ሁለትና ሦስት ስም ይዛችሁ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው። አንድ ብቻ ይዛችሁ ሄዳችሁ ተይዞ ብታገኙት ወደ አንደኛው ዙር ትመለሳላችሁ።

ስቲከር የሚያትመውን ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ደውይለት። ክብደቱን፣ ይዘቱን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ አድራሻችሁን ያዘጋጅ፤ የስሙን ቦታ ባዶ ይተው። ፍለጋው አልቆ መልስ እስኪመጣ አንድም እንዳያትም።